የአንድ የውኃ ጉድጓድ ሒሳብ እንዴት ይጠየቃል?

በምሥራቅ ቦረና ቆላማ ቀበሌዎች አንድ የጥልቅ ጉድጓድ ፕሮጀክት ሲጀመር መላው ነዋሪ ያውቀዋል። የቁፋሮው ማሽን ሲገባ ይታያል፣ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ የፕሮጀክቱን ስምና ዋጋ የያዘ ሰሌዳ ይተከላል። ሥራው ሲቆም ግን የሚነግር ሰሌዳ የለም። ማሽኑ ሄዶ የብረት ቱቦው አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ነዋሪውም ከብቱን እየነዳ ወደ አሮጌው ኤላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገንዘቡ የት ደረሰ?

ይህ ጥያቄ በስብሰባ ላይ ሲቀርብ የሚያገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ «ሥራው በሂደት ላይ ነው» ወይም «ከተቋራጩ ጋር እየተነጋገርን ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚጣራበት መንገድ የለውም። ያው ጥያቄ በሰነድ ስም ተተክቶ በጽሑፍ ሲቀርብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ የሚጠበቅበት አስተያየት መስጠት ሳይሆን ወረቀት ማውጣት ይሆናል።

ለዚህ መሠረት የሆነው ሕግ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚናገረው የአዋጁ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1238 ሲተካ፣ መረጃ ስለማግኘት የሚደነግገው ክፍል ግን ሥራ ላይ እንዳለ ቆይቷል። «አዋጁ ተሽሯል» የሚል መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ ቢገጥም ይህን ልዩነት ማስታወስ ይበቃል። ከአዋጁ በላይ ያለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል እንዲኖር ደንግጓል።

አዋጁ መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ጠያቂው ጋዜጠኛ፣ የምክር ቤት አባል ወይም የቀበሌው ነዋሪ መሆን አይጠበቅበትም። ግዴታው የተጣለውም በየትኛውም የመንግሥት እርከን በሚገኙ አካላት ላይ በመሆኑ የወረዳ ጽሕፈት ቤትና የከተማ አስተዳደር ከዚህ ውጭ አይደሉም። ጥያቄው በጽሑፍ ወይም በቃል ሊቀርብ ይችላል። በቃል ሲቀርብ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በጽሑፍ ያሰፍረዋል፤ ይህም መጻፍ ለማይችል አርብቶ አደር የተተወ በር ነው። የሚቻለው ሰው ግን ራሱ ጽፎ ቢያቀርብ ይሻለዋል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ምን ይጠየቃል?

አብዛኛው የመረጃ ጥያቄ የሚከሽፈው በሕጉ ጉድለት ሳይሆን ጥያቄው ሰነድን ባለመጥቀሱ ነው። «የፕሮጀክቱ በጀት ይገለጽልን» የሚል ማመልከቻ በአንድ መስመር መልስ ይዘጋል፦ «የፕሮጀክቱ በጀት 12 ሚሊዮን ብር ነው።» ጥያቄው በሕግ ፊት ተመልሷል፤ ጠያቂው ግን ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው የተለየ ነገር አላወቀም።

በጀት፣ ውል እና ክፍያ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጀት ምክር ቤቱ በአንድ በጀት ዓመት፣ ማለትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜ፣ እንዲወጣ የፈቀደው ገንዘብ ነው። ሥራው ሁለት ዓመት ከወሰደ ሁለት የበጀት ውሳኔዎች ይኖሩታል። በዓመቱ አጋማሽ ከዚያ ላይ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሥራ የዞረ ገንዘብ ካለም የሚታየው በበጀት ዝውውር ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው። ውል ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ከተቋራጩ ጋር የተስማማበት ዋጋ ሲሆን ከበጀቱ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ክፍያ በእርግጥ የወጣው ገንዘብ ነው። «ገንዘቡ የት ደረሰ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሦስቱንም ጎን ለጎን ማየት አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው ሰነድ የክፍያ ሰርተፊኬት የሚባለው ነው። ተቋራጩ የሠራውን ያህል ሲያስለካ፣ አማካሪው መሐንዲስ ወይም የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ልኬቱን አረጋግጦ «ይህን ያህል ሥራ ተሠርቷል፣ ይህን ያህል ይከፈል» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ተከታታይ ቁጥር አለው፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሰርተፊኬት እየተባለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ እስከዚያ ቀን የተሠራውን ጠቅላላ ሥራ፣ የተቀነሰውን ቅድሚያ ክፍያና የተያዘውን መያዣ ስለሚያሳይ የመጨረሻው ሰርተፊኬት ብቻውን የሥራውን ታሪክ ይዟል ማለት ይቻላል።

ወረቀቱን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ለማስረዳት ያህል አንድ የታሰበ ሥራ እንውሰድ። የጉድጓድ ቁፋሮ፣ የፓምፕ ተከላና የከብት ማጠጫ ገንዳ ግንባታ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት በ12 ሚሊዮን ብር ውል ተገብቷል እንበል። ውሉ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ተቋራጩ አንድ ሜትር ሳይቆፍር 3 ሚሊዮን 600 ሺሕ ብር ይቀበላል። ይህ ስጦታ አይደለም። ከእያንዳንዱ ሰርተፊኬት ላይ 30 በመቶው እየተቀነሰ ይመለሳል። በተጨማሪም ለሥራው ጥራት መያዣ 5 በመቶ ይቀነሳል።

ተቋራጩ የ4 ሚሊዮን ብር ሥራ ሠርቶ አንደኛውን ሰርተፊኬት አቀረበ። ከዚህ ላይ ለቅድሚያ ክፍያ 1 ሚሊዮን 200 ሺሕ፣ ለመያዣ 200 ሺሕ ሲቀነስ የሚከፈለው 2 ሚሊዮን 600 ሺሕ ብር ይሆናል። እስካሁን በድምሩ 6 ሚሊዮን 200 ሺሕ ብር ወጥቷል። ሥራው የተሠራው አንድ ሦስተኛ ብቻ ሲሆን የወጣው ገንዘብ ከውሉ ግማሽ አልፏል። ይህን ያየ ነዋሪ ገንዘቡ ተበልቷል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል። ልዩነቱ ገና ያልተመለሰው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ስለ ተጠናቀቁና ስላልተጠናቀቁ ፕሮጀክቶች በየከተማው ከሚነሡት ክሶች ጥቂት የማይባሉት ይህን ካለመለየት የሚመጡ ይመስለናል።

ሁለተኛው ሰርተፊኬት ተጨማሪ የ3 ሚሊዮን ብር ሥራ ያሳያል እንበል። 900 ሺሕ ለቅድሚያ ክፍያ፣ 150 ሺሕ ለመያዣ ተቀንሶ 1 ሚሊዮን 950 ሺሕ ይከፈላል፤ ድምሩም 8 ሚሊዮን 150 ሺሕ ብር ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የተሠራው ሥራ 7 ሚሊዮን፣ ሲደመር ገና ያልተመለሰው ቅድሚያ ክፍያ 1 ሚሊዮን 500 ሺሕ፣ ሲቀነስ የተያዘው መያዣ 350 ሺሕ፤ ይህም በትክክል 8 ሚሊዮን 150 ሺሕ ይሰጣል።

አሁን የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የክፍያ ሰነዶች ተደምረው 9 ሚሊዮን 50 ሺሕ ብር ቢያሳዩስ? ልዩነቱ 900 ሺሕ ብር ነው፤ ይህም በሁለተኛው ሰርተፊኬት ላይ ሊቀነስ ይገባ ከነበረው ቅድሚያ ክፍያ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ «ሌባው ማን ነው» ሳይሆን «በሁለተኛው ሰርተፊኬት ላይ ቅድሚያ ክፍያው ለምን አልተቀነሰም» የሚል ይሆናል። እንዲህ ያለው ጥያቄ በአጠቃላይ አነጋገር ሊታለፍ አይችልም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የክፍያ ሰነዶቹ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተደመረበትና ተቀናሽ ግብር የወጣለት መጠን ስለሚጻፍ፣ ከሰርተፊኬቱ ጋር ከመተያየታቸው በፊት ወደ አንድ መሠረት መመለስ አለባቸው።

ሥራው የቆመበት ነዋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወረቀት መጠየቅ ይኖርበታል፤ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ይባላል። ተቋራጩ ቅድሚያ ገንዘቡን ሲወስድ ከባንክ ወይም ከመድን ድርጅት የሚያቀርበው ሲሆን የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። በምሳሌያችን ተቋራጩ ከሁለተኛው ሰርተፊኬት በኋላ ቢጠፋ 1 ሚሊዮን 500 ሺሕ ብር የሕዝብ ገንዘብ በእጁ ይቀራል። ዋስትናው ካልታደሰና ጊዜው ካለፈ ያን ገንዘብ ከባንኩ መጠየቅ አይቻልም። ከተሠራውና ካልተሠራው ይልቅ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው አንዳንድ ጊዜ በዚህች አንዲት ቀን ነው።

ጉድጓዶችን በተመለከተ ከገንዘቡ ሰነድ ጋር የጉድጓዱ የማጠናቀቂያ ሪፖርትም መጠየቅ አለበት። ስንት ሜትር እንደተቆፈረ፣ ስንት ሜትር ቱቦ እንደገባና በፓምፕ ሙከራ በሰከንድ ስንት ሊትር ውኃ እንደሰጠ የሚገልጸው እርሱ ነው። በቆላው አገር ተቆፍሮ ውኃ የማይገኝበት ጉድጓድ አለ። ቁፋሮ በሜትር ስለሚከፈል ደረቅ ጉድጓድም ሕጋዊ ወጪ አለው። በሰርተፊኬቱ የተከፈለበት ሜትርና በሪፖርቱ የተጻፈው ሜትር ካልተገናኙ ግን ማብራሪያ የሚጠየቅበት ምክንያት አለ።

ሰነዱ ያለው ማን ዘንድ ነው?

በነገሌና በአካባቢዋ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነገሌ ለዓመታት የጉጂ ዞን መቀመጫ ሆና ቆይታ፣ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲቋቋም የአዲሱ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ከዚያ ቀን በፊት በዞን ደረጃ ውል የተገባበት ሥራ ፋይሉ ዛሬ በአዲሱ ዞን መዝገብ ቤት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የቆየ ፕሮጀክትን የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን በግልባጭ ለሁለቱም ዞኖች የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ቢያደርስ፣ «ፋይሉ እኛ ዘንድ የለም» የሚለውን መልስ አስቀድሞ ያጠበዋል።

በሞያሌ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች አስተዳደሮች በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ስላሉ፣ ማመልከቻው ላይ ክልሉ ካልተጻፈ ወደ ተሳሳተው በር ሊሄድ ይችላል። ሊበን የሚለው ስምም እንዲሁ ያሳስታል፤ በኦሮሚያ ነገሌ ዙሪያ ያለው የሊበን ወረዳ አንድ ነገር ነው፣ መቀመጫው ፊልቱ የሆነው የሶማሌ ክልል የሊበን ዞን ሌላ። በፌዴራል መንግሥት የሚሠሩ አገር አቋራጭ መንገዶች ደግሞ ውላቸው አዲስ አበባ በመሆኑ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

ባለቤቱን ለመለየት የፕሮጀክቱን ሰሌዳ ማንበብ ጥሩ መነሻ ነው። «አሠሪ» ተብሎ የተጻፈው አካል ውሉን የያዘው ነው። በወረዳ ደረጃ ሰነዶቹ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቢሮ ይከፈላሉ፦ ውሉ፣ ሰርተፊኬቶቹና የቴክኒክ ሪፖርቶቹ በውኃ ጽሕፈት ቤቱ፣ የበጀት ውሳኔውና የክፍያ ሰነዶቹ በገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ። ለሁለቱም ለየብቻ መጻፍ ድካም ቢመስልም፣ አንዱ የሰጠውን በሌላው ለማመሳከር ያስችላል።

ማመልከቻው

በኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻው በዚያ ቢጻፍ፣ ወይም በአማርኛ የተጻፈው ከትርጉሙ ጋር ቢቀርብ ሥራውን ያፋጥናል። የሚገኙት ሰነዶችም በአብዛኛው በዚያው ቋንቋ ናቸው፤ «ዋጂራ ማላቃ» የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ፣ «ባጀታ» በጀት፣ «ዋሊጋልቴ» ውል መሆናቸውን ማወቅ ፋይሉን ለማግኘት ይረዳል። ይዘቱ አጭር ሊሆን ይገባል። ለምሳሌ፦

«ለ… ወረዳ የውኃ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ስለመጠየቅ። በ… ቀበሌ ስለሚሠራው የጥልቅ ጉድጓድ ፕሮጀክት የሚከተሉት ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ፦ የግንባታ ውሉ ከሥራና ዋጋ ዝርዝሩ ጋር፤ እስከ ዛሬ የጸደቁ የክፍያ ሰርተፊኬቶች በሙሉ ከልኬት ሰነዶቻቸው ጋር፤ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናው፤ የሥራ ለውጥ ትዕዛዞች ካሉ፤ የጉድጓዱ ማጠናቀቂያ ሪፖርት። ከእነዚህ መካከል በጽሕፈት ቤቱ የማይገኝ ካለ የትኛው እንደሆነና የት እንደሚገኝ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤ ሊሰጥ የማይችል ክፍል ካለም ቀሪው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ በሚጻፈው ላይ የእያንዳንዱ በጀት ዓመት የጸደቀ በጀት፣ የበጀት ዝውውር ደብዳቤዎችና ለተቋራጩ የተፈጸሙ ክፍያዎች ሰነዶች ይገባሉ። ለምን እንደተፈለገ መጻፍ አያስፈልግም። ጥርጣሬንና ክስን ከማመልከቻው ማውጣት ደግሞ ለጠያቂው ይጠቅመዋል፤ ክስ ያለበት ደብዳቤ ወደ ሕግ ክፍል ተመርቶ ይቆያል፣ ሰነድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን ወደ ፋይል ክፍል ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው እርምጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በመዝገብ ቤት ገቢ መደረግ አለበት። በጠያቂው እጅ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥሩ፣ ቀኑና ማኅተሙ ይረፍበት። ለኃላፊው በእጅ የተሰጠና ጠረጴዛ ላይ የቀረ ማመልከቻ በሕግ ዓይን አልቀረበም ማለት ይቻላል። በጽሑፍ መጠየቅ የሚሻለውም ለዚሁ ነው። ሕጉ የሰጠው የ30 ቀን ጊዜ የሚቆጠረው ጥያቄው ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ነውና ያቺ ማኅተም ከሌለች የሚቆጠር ቀን የለም። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የራሱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ከሌለው ማመልከቻው ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተጽፎ ለወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት በግልባጭ ይድረስ።

ወቅትም የራሱ ሚና አለው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳብ ስለሚዘጉ ፋይል የሚያወጣ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ምክር ቤቱ አዲሱን በጀት የሚያጸድቀው በዚያው ሰሞን ነው፤ ባለፈው ዓመት የቆመው ሥራ በአዲሱ በጀት ውስጥ መኖር አለመኖሩ የሚታወቅበት ጊዜ በመሆኑ ማመልከቻውን በግንቦት ማስገባት ሁለቱንም ያስታርቃል።

እምቢታ ሲመጣ

ከሚሰጡት ምክንያቶች ሁለቱ ደጋግመው ይነሣሉ። አንደኛው «የተቋራጩ የንግድ ምስጢር ነው» የሚለው ነው። አዋጁ የሦስተኛ ወገንን የንግድ ምስጢር እንደሚጠብቅ እውነት ነው፤ አንድ ድርጅት የሚሠራበት ልዩ ዘዴ ወይም ይፋ ሲወጣ የሚጎዳው የውስጥ መረጃ ሊከለከል ይችላል። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ከሕዝብ ገንዘብ የከፈለው መጠን ግን ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም። ከዚህም በላይ አዋጁ የሕዝብ ጥቅም ከጉዳቱ በሚበልጥበት ጊዜ መረጃው እንዲሰጥ፣ የሚከለከለውና የማይከለከለው በአንድ ሰነድ ላይ ሲገኙም የማይከለከለው ተለይቶ እንዲሰጥ ያዛል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር የተሸፈነበት ሰርተፊኬት መቀበል ለጠያቂው ምንም አያጎድልበትም።

ሁለተኛው «ፋይሉ ለኦዲት ተወስዷል» ወይም «የያዘው ሠራተኛ ተዛውሯል» የሚለው ነው። ይህ ሰነዱ መኖሩን ማመን እንጂ ሕጋዊ ክልከላ አይደለም። ጠያቂው የሚያስፈልገው ይህንኑ በፊርማና በቀን በጽሑፍ ማግኘት ነው፤ ፋይሉ ማን ዘንድ እንደሄደ ከታወቀ ጥያቄው ይከተለዋል። ጽሕፈት ቤቱ ለማባዣ የሚሆን ተመጣጣኝ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ገንዘቡ የከበደው ሰው ቅጂ ከመውሰድ ይልቅ ሰነዱን እዚያው ተመልክቶ ማስታወሻ የመያዝ መብት አለው፤ የሰርተፊኬቱን የመጨረሻ ገጽ ቁጥሮች ለመገልበጥ አንድ ሉህ ወረቀት ይበቃል።

30 ቀኑ ያለ መልስ ካለፈ ዝምታው እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ጽሕፈት ቤቱ በበቂ ምክንያት ጊዜውን ሊያራዝም ቢችልም ማራዘሙን ለጠያቂው ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ አቤቱታው በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል፤ በዚያ ውሳኔ ያልረካ ወገን ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ ለተቋሙ የቀረበ አቤቱታ «መጀመሪያ ለኃላፊው አመልክት» ተብሎ ሊመለስ ስለሚችል፣ ለኃላፊው የተጻፈውም ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ተቋሙ ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፎች ያሉት ሲሆን ከእነዚህ አንዱ ሐዋሳ ይገኛል። ከነገሌ ለሚነሣ ሰው መንገዱ ረጅም ነው፤ ከመነሣቱ በፊት በእጁ መኖር ያለባቸው ሦስት ወረቀቶች ናቸው፦ ገቢ የሆነው የመጀመሪያ ማመልከቻ፣ ለበላይ ኃላፊው የቀረበው አቤቱታ፣ እና ከሁለቱ ለአንዱ የተሰጠ ማንኛውም የጽሑፍ መልስ።